በስልክ የተካሄደ አስቸኳይ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ፦ ምን ብዬ ልጻፍ? ሙሉ ኮሚቴውስ ምኑን ነው የሚያጸድቀው?

የብሎኩ ጸሐፊ (ማክሰኞ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ሲሆን፣ የነዋሪዎች ማኅበራችን ሥራ አመራር ኮሚቴ ጸሐፊ ከሆንኩ ገና ሰባት ወሬ ነው። ኮሚቴው 9 አባላት አሉት። በመተዳደሪያ ደንባችን ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው 5 አባላት ሲገኙ ነው፤ ኮሚቴው ለአንድ ሥራ በራሱ ሥልጣን ማውጣት የሚችለው ደግሞ እስከ 50,000 ብር ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሆነ ወጪ ጠቅላላ ጉባኤ መወሰን አለበት።

ቅዳሜ ጥር 17 ምሽት ከምድር ታንከሩ ውሃ ወደ ላይኛው ታንከር የሚገፋው ፓምፕ ሞተሩ ተቃጠለ። ሰብሳቢያችን ከምሽቱ 2፡10 ላይ አባላትን አንድ በአንድ እየደወለ በአንድ መስመር አገናኘ፤ እሱ፣ ገንዘብ ያዡ፣ እኔ እና ሌሎች ሁለት አባላት አምስት ሆነን ተነጋገርን። ባለሙያው ለአዲስ ሞተርና ለመግጠሚያ 46,500 ብር ጠይቆ ነበር። ዋጋው ሲነገር የሦስተኛው ፎቅ ተወካይ መስመሯ ተቋረጠ፤ ባትሪ አልቆባት ኖሯል። የቀረነው አራታችን ተስማማን። ከዚያ በኋላ ሰብሳቢው ባለቤቷ ስልክ ላይ ደውሎላት «እናንተ ከተስማማችሁ እኔም እስማማለሁ» አለችው። ለሥራ አዳማ የነበረውንም ስድስተኛ አባል ለብቻው ደውሎ ስምምነቱን ተቀበለ።

እሑድ ጠዋት ባለሙያው ሲገጥም የመቆጣጠሪያ ሣጥኑም መቃጠሉን አይቶ 6,700 ብር ጨመረ፣ ሰብሳቢውም እዚያው ቆሞ «ቀጥል» አለው። ሰኞ 53,200 ብር በሰብሳቢውና በገንዘብ ያዡ ፊርማ በቼክ ተከፈለ። ውሃው መጥቷል፣ ባለሙያውም ሥራውን በአግባቡ ሠርቷል።

አሁን ሰብሳቢው «6 አባላት ተገኝተው በአንድ ድምፅ ወሰኑ ብለሽ ጻፊ፣ እሑድ ጥር 25 ሙሉ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ይጸድቃል» ይለኛል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ያን ሌሊት ባይሯሯጥ ኖሮ ሕንፃው ውሃ አያገኝም ነበር። እኔ ግን ስድስት ሰዎች ተገኝተዋል ብዬ ለመጻፍ እጄ እሺ አላለኝም። ምን ብዬ ልጻፍ? እሑድስ የሚጸድቀው ምኑ ነው?

የሰፈር ሰው

እህቴ፣ ጠቅላላ ጉባኤ በስልክ አይጠራም። እኛ እድር ውስጥ ይህንኑ ሞክረን ብዙ ተጨቃጭቀናል። ማስታወቂያው በር ላይ ተለጥፎ፣ ጡሩምባም ተነፍቶ ነው ሰው የሚሰበሰበው። በስልክ የተነገራቸው መጥተው ያልተነገራቸው የቀሩበትን ስብሰባ በኋላ ማንም አይቀበለውም።

የብሎኩ ጸሐፊ

ስለ ምላሽዎ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ጥያቄዬ ጠቅላላ ጉባኤን የሚመለከት አይደለም፤ ዘጠኝ አባላት ያሉት ሥራ አመራር ኮሚቴ በስልክ ስላደረገው ንግግር ነው። በስልክ የተጠራ ስብሰባ ሳይሆን በስልክ ላይ የተካሄደ ስብሰባ ነው ጉዳዩ።

ሒሳብ ነክ

ነገሩ የሚያስጨንቅ አይመስለኝም። ቃለ ጉባኤውን እንደተባለው አዘጋጂ፤ እሑድ ይነበብ፤ የተገኙት ሁሉ ይፈርሙበት። ዘጠኙም ከፈረሙ ሙሉ ኮሚቴው አጸደቀው ማለት ነው፤ ከጸደቀ ደግሞ ቅዳሜ ምሽት መስመር ላይ አራት ነበሩ ወይስ ስድስት የሚለው ትርጉም የለውም። ኦዲተር ሲመጣ የሚጠይቀው ከቼኩ ጀርባ ፊርማ ያለበት ውሳኔ መኖሩን ነው። እኔ በሒሳብ ሥራ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ የሠራሁት በዚህ መንገድ ነው።

አሮጌ መዝገብ

ከጡረታ በፊት በኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ ለብዙ ዓመታት ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ከሒሳብ ነክ አስተያየት ግማሹን እቀበላለሁ፤ ግማሹ ግን እህታችንን ችግር ውስጥ የሚከት ነው። የተቀበልኩት ሙሉ ኮሚቴው በኋላ አጽድቆ የሥርዓት ጉድለትን ሊያቃና ይችላል የሚለውን ነው። ያልተቀበልኩት ቃለ ጉባኤው ላይ መፈረምና ውሳኔውን ማጽደቅ አንድ ናቸው የሚለውን ነው።

ስሕተቱ ከቋንቋችንም ይመጣል። በአማርኛ ለሁለቱም ሥራ «ጸደቀ» እንላለን። ያለፈው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ተነብቦ የተባለውን በትክክል መዝግቧል ስንል «ቃለ ጉባኤው ጸደቀ» እንላለን። አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች ሥልጣን ሳይኖራቸው የወሰኑትን ኮሚቴው የራሱ ሲያደርገውም «ውሳኔው ጸደቀ» እንላለን። የመጀመሪያው ምስክርነት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ውሳኔ ነው። ውሳኔውን አጥብቄ የምቃወም አባል ብሆን እንኳ ቃለ ጉባኤው የሆነውን በትክክል ከጻፈ ትክክል ነው ብዬ ልፈርምበት እገደዳለሁ፤ በዚያ ፊርማ ግን ወጪውን ደግፌአለሁ ማለት አይደለም። በአንጻሩ ቃለ ጉባኤው ላይ ብቻ ፈርመን ከተለያየን፣ ዘጠኝ ሰዎች የመሰከሩት አራት ሰዎች ያለ ምልዓተ ጉባኤ ተነጋገሩ በሚለው ላይ ነው። ወጪው ግን እስካሁን የማንም ኮሚቴ ውሳኔ የለውም። ስለዚህ ለመለየት እንዲመች ለመጀመሪያው «ተነብቦ ትክክለኛነቱ ተረጋገጠ» ብዬ መጻፍ ለምጃለሁ፤ «ጸደቀ» የሚለውን ቃል ለሁለተኛው ብቻ አቆየዋለሁ።

እሑድ ዕለት ሁለት ነጥቦች ለየብቻቸው አጀንዳ ላይ ይቀመጡ። አንደኛው የቅዳሜውን ቃለ ጉባኤ ትክክለኛነት ማረጋገጥ ነው። ሁለተኛው የቅዳሜውን ውሳኔ ማጽደቅ ወይም አለማጽደቅ ሲሆን፣ በዚህኛው ላይ ውይይት ይደረጋል፣ ድምፅ ይሰጣል፣ የተቃወመም ይመዘገባል።

አሁን ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ደንባችሁ በስልክ ስለሚደረግ ስብሰባ የሚለው ነገር አለ? አስቸኳይ ስብሰባ በስንት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ይጠራል ይላል?

የብሎኩ ጸሐፊ

ደንቡን አሁን ከፍቼ አየሁት፣ ጋሼ። አስቸኳይ ስብሰባ ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ለሁሉም አባላት ተነግሮ ይጠራል ይላል። ስለ ስልክ አንድም ቃል የለውም፤ ይፈቅዳልም ይከለክላልም አይልም። ከዘጠኙ ሦስቱ ጭራሽ አልተደወለላቸውም። አንደኛው ውጭ አገር ነበር፤ የሌሎቹን ሁለት ስልክ ግን ለምን እንዳልተሞከረ አላውቅም። ሁለቱም ከሰብሳቢው ጋር ብዙም አይግባቡም፤ ይህን መጻፍ ይኖርብኝ ይሆን?

አሮጌ መዝገብ

አለመግባባታቸውን አትጻፊ፤ እሱ ግምት ነው። «አልተደወለላቸውም» የሚለው ግን የሆነ ነገር ስለሆነ ይጻፋል። የሚቀጥለው እሑድ ትልቁ ጥያቄ የሚሆነውም ይህ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ሰው አልተጠየቅሁም በሚለው ላይ የሚቆጣውን ያህል በገንዘቡ አይቆጣም።

እንግዲህ ጉድለቶቹ ሦስት ሆኑ ማለት ነው። ማስጠንቀቂያው አልተሰጠም፤ ስልክ በደንቡ አልተጠቀሰም፤ ውሳኔው በተሰጠበት ቅጽበት መስመሩ ላይ የነበሩት አራት ብቻ ነበሩ። ከሦስቱ ክብደት ያለው የመጨረሻው ነው። ምልዓተ ጉባኤ የሚቆጠረው ስብሰባው ሲከፈት ብቻ አይደለም፤ ድምፅ በሚሰጥበት ጊዜም መሟላት አለበት። በአካል በሚደረግ ስብሰባ አንድ ሰው ተነሥቶ ሲወጣ ሁላችንም እናየዋለን፤ በስልክ ግን የሚወጣው በዝምታ ነው። ጸሐፊ ከእያንዳንዱ ድምፅ በፊት ስም እየጠራ «አለህ? አለሽ?» ማለት ያለበት ለዚህ ነው።

እነዚያ በተናጠል የተደወሉት ሁለት ጥሪዎች ደግሞ ስብሰባ አይደሉም። ስብሰባ የሚባለው አንዱ የሚናገረውን ሌሎቹ ሲሰሙ፣ ሲመልሱና ሐሳባቸውን ሊለውጡ ሲችሉ ነው። አዳማ ያለው አባል የሰማው የሰብሳቢውን ቃል ብቻ ነው፤ ገንዘብ ያዡ ዋጋው በዝቷል ብሎ ተከራክሮ ቢሆን ኖሮ እንኳ እሱ ሊያውቅ አይችልም ነበር። ስለዚህ ሁለቱ «አስተያየታቸውን ሰጡ» ተብለው ይጻፋሉ እንጂ «ተገኙ» አይባሉም።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ቅዳሜ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም ከምሽቱ 2፡10 እስከ 2፡35 የፓምፑን ብልሽት በሚመለከት በኮሚቴው ሰብሳቢ አገናኝነት በስልክ የተደረገ አስቸኳይ ምክክር ማስታወሻ። በመስመሩ ላይ የነበሩ፦ ሰብሳቢው፣ ገንዘብ ያዡ፣ ጸሐፊዋ፣ የመጀመሪያው ፎቅ ተወካይ እና እስከ 2፡25 ድረስ የሦስተኛው ፎቅ ተወካይ። ያልተደወለላቸው፦ ሦስት አባላት። የሦስተኛው ፎቅ ተወካይ መስመራቸው ዋጋው ሲገለጽ የተቋረጠ ሲሆን፣ የቀሩት አራት አባላት ባለሙያው በ46,500 ብር አዲስ ሞተር ገዝቶ እንዲገጥም ተስማምተዋል። ምክክሩ ካበቃ በኋላ ሰብሳቢው ለሦስተኛው ፎቅ ተወካይና ከከተማ ውጭ ለነበሩት ሌላ አባል በተናጠል ደውለው ስምምነታቸውን መቀበላቸውን ለጸሐፊዋ ገልጸዋል። ምክክሩ በምልዓተ ጉባኤ የተደገፈ ባለመሆኑ ለሙሉ ኮሚቴው ቀርቦ እንዲጸድቅ።»

መጨረሻው ላይ «ለጸሐፊዋ ገልጸዋል» የሚለውን ልብ በይው። አንቺ ያልሰማሽውን ጥሪ እንደሰማሽ አድርገሽ አትመስክሪ። እንዲሁም የ6,700 ብሩ ነገር በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ጨርሶ አይግባ፤ ቅዳሜ ምሽት ማንም አላነሣውም። የእሑድ ጠዋቱን ሰብሳቢው በራሳቸው ፊርማ በሌላ ወረቀት ያቅርቡ።

ከቀኑም እንዳትስቺ። ማስታወሻውን ዛሬ ከጻፍሽው ከግርጌው «ጥር 20 ቀን ተጻፈ» ብለሽ ፈርሚ። እሑድ የሚፈርሙትም የእሑድን ቀን ከፊርማቸው አጠገብ ያኑሩ። ጥር 17 አምስት ሰዎች በተለያየ ቤት ሆነው በስልክ ሲያወሩ አንድ ወረቀት ላይ ሊፈርሙ እንደማይችሉ ለማወቅ ኦዲተር መሆን አያስፈልግም።

ቨርጂኒያ ነዋሪ

ከዚህ ከአሜሪካ የራሴን ልናገር። በምንገለገልበት የኢትዮጵያውያን ማኅበር ቦርድ ውስጥ ነኝ። እኛ በምንኖርበት የቨርጂኒያ ግዛት ሕግ የቦርድ አባላት በስልክ መሰብሰብ ይችላሉ፤ ሁሉም ተሳታፊዎች በአንድ ጊዜ እርስ በርሳቸው መደማመጥ ግን አለባቸው። ጋሽ አሮጌ መዝገብ ካሉት ጋር አንድ ነው። ባለፈው ክረምት የአዳራሹ ማሞቂያ ሲበላሽ እኛም በስልክ ወስነን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማጽደቅ የሚባል ነገር አላስፈለገንም፤ በስልክ የተደረገው ራሱ ሙሉ ስብሰባ ነበርና። ስለዚህ እህታችን ለምን ትጨነቃለች? አምስት ሆነው ጀምረዋል፤ ስልክ ደግሞ ስብሰባ ነው።

አሮጌ መዝገብ

ወንድሜ፣ እናንተ ጋ ሕጉ ስለሚፈቅድ ነው ጉዳዩ ያለቀው። የእህታችን ደንብ ስለ ስልክ ዝም ብሏል፤ በዝምታው ላይ ሁለት ሰው ሁለት ነገር ማለት ይችላል። እኔ ዝምታውን እንደ ፈቃድ አልቆጥረውም፤ ሌላው ሊቆጥረው ይችላል። ነገር ግን ደንቡ ቢፈቅድ ኖሮ እንኳ በአራት ሰው መወሰኑና ሦስት አባላት አለመጠራታቸው ይቀራል። የእናንተ ቦርድ ሲሰበሰብስ ለሁሉም አባላት ተደውሎ ነበር?

ቨርጂኒያ ነዋሪ

አዎን፣ ለሁሉም ተደውሏል። ሁለቱ አላነሡም፤ ያለማንሳታቸውም ተመዝግቧል። እሺ፣ ልዩነቱ ገባኝ።

የሕግ ተማሪ

በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውክልና በሚናገርበት ክፍል ከቁጥር 2190 ጀምሮ ይህን የመሰለ ነገር አለ። ተወካይ ከሥልጣኑ ውጭ በወካዩ ስም ሲዋዋል ወካዩ ሥራውን ሊያጸድቀው ወይም ሊያፈርሰው ይችላል። ውል የተዋዋለው ሦስተኛ ወገንም ወካዩ ሐሳቡን ወዲያውኑ እንዲገልጽለት ሊጠይቅ ይችላል። ካጸደቀው ተወካዩ በሥልጣኑ ክልል እንደሠራ ይቆጠራል። ይህ ድንጋጌ ለማኅበር ኮሚቴ በቀጥታ ይሠራል አይሠራም ብዬ አልከራከርም፤ ሐሳቡ ግን ይረዳል። መጽደቁ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሠራል፤ ስለዚህ ባለሙያው ከቅዳሜ ጀምሮ ከማኅበሩ ጋር እንደተዋዋለ ይቆጠራል። እንዲያውም ወካዩ ራሱ የሌለውን ሥልጣን በማጽደቅ ሊሰጥ አይችልም የሚለው ነጥብ ለ53,200 ብሩ ይመጣል፤ ኮሚቴው ቢሰበሰብም ከ50,000 ብር በላይ የመወሰን ሥልጣን አልነበረውምና።

ሒሳብ ነክ

ስለ ሁለቱ «ጸደቀ» የተባለውን ተቀብያለሁ፤ እንደዚያ አስቤው አላውቅም ነበር። በገንዘቡ ላይ ግን ቁጥር እናስላ። ቅዳሜ የተወሰነው 46,500 ነው። ኮሚቴው እስከ 50,000 መሄድ ስለሚችል ከተጨመረው 6,700 ውስጥ 3,500ውን እሑድ ማጽደቅ ይችላል። ለጠቅላላ ጉባኤ የሚቀረው 3,200 ብር ብቻ ነው። ለ3,200 ብር ብሎ ሕንፃ ሙሉ ሰው ማስጨነቅ አይገባም፤ በመጪው መደበኛ ጠቅላላ ጉባኤ አንድ አንቀጽ አስገብቶ ማለፍ ነው።

አሮጌ መዝገብ

ስሌትህ ትክክል ነው፤ አከፋፈልህ ግን ያሳስበኛል። ደንቡ ገደቡን ያስቀመጠው ለአንድ ሥራ ነው። ሥራው አንድ ፓምፕ ማስጠገን ነው፤ ሞተሩና የመቆጣጠሪያ ሣጥኑ ለየብቻ ሥራ አይደሉም። አንድን ወጪ ቆርጦ ገደቡ ሥር የሚገባውን እዚህ፣ የሚተርፈውን እዚያ ማጽደቅ ከተለመደ ነገ 90,000 ብር ሁለት ቦታ ይቆረጣል። እኔ ብሆን 46,500ው ቅዳሜ ሲወሰን ከገደቡ በታች ስለነበር ኮሚቴው ያጽድቀው፤ 6,700ው ግን ሙሉውን ለጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብ እላለሁ። ሌላ ሰው ደግሞ 53,200ው በሙሉ አንድ ወጪ ነውና ሁሉም ለጠቅላላ ጉባኤ ይሂድ ሊል ይችላል፤ እሱም ከደንቡ ቃል ብዙ አይርቅም።

ሒሳብ ነክ

90,000 ብሩ ሆን ተብሎ ሲቆረጥ ነው። እዚህ ግን ባለሙያው ሣጥኑን ከፍቶ እስኪያየው ድረስ መቃጠሉን ማንም አላወቀም። ሳይታሰብ የመጣን ወጪና የተሸፈነን ወጪ በአንድ ዓይን ማየት አልችልም።

ድምፅ ቀጂ

ይህን ሁሉ ከመጻፍ የስልኩን ንግግር መቅዳት አይቀልም? እኔ የኮሚቴ ጥሪ ሁሉ እቀዳለሁ። ማን አለ፣ ማን ወጣ፣ ምን ተባለ፣ ሁሉም እዚያ አለ።

አሮጌ መዝገብ

ቅጂ ለጸሐፊ ማስታወሻ ይሆናል፤ ቃለ ጉባኤ ግን አይሆንም። ሃያ አምስት ደቂቃ ተቀድቶ ከውስጡ ውሳኔው የትኛው እንደሆነ የሚለይ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ጸሐፊዋ ናት። ደግሞም መቀዳታቸውን ያልተነገራቸው አባላት በኋላ ሲሰሙት ቅሬታው ከፓምፑ ይብሳል። ከዚህ የተሻለው ጥሪው እንዳበቃ ውሳኔውን በሁለት መስመር በኮሚቴው የቴሌግራም ቡድን መላክ ነው። በ2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት በታወጀው አስቸኳይ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ሲከለከል፣ ኮሚቴያችን የቆየው በዚህ ልማድ ነበር። ያልተስማማ ያኔውኑ ይናገራል፤ መልእክቱ የተላከበት ሰዓትም ይታያል። በኋላ ያ መልእክት ታትሞ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዛል።

የብሎኩ ጸሐፊ (ሰኞ፣ ጥር 26)

ትናንት ስለሆነው ልንገራችሁ። ዘጠኙም ተጠርተው ስምንቱ ተገኙ። ማስታወሻውን ጋሼ ባሉት መልክ ጽፌ ከስብሰባው ሁለት ቀን አስቀድሜ ለሁሉም ሰጠሁ። ሰብሳቢው መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር። «አሳፈርሽኝ» አለኝ። በኋላ ግን ገንዘብ ያዡ «አራት ተብሎ መጻፉ እኔንም ያድነኛል፤ ቼኩ ላይ የፈረምኩት ኮሚቴው ወስኗል ተብሎ ተነግሮኝ ነው» ሲል ሰብሳቢው ዝም አለ።

ትክክለኛነቱ ሲረጋገጥ አንድ እርማት መጣ፦ የሦስተኛው ፎቅ ተወካይ መስመሯ የተቋረጠው ዋጋው ሲነገር ሳይሆን ከመነገሩ በፊት ነበር አለች። «ዋጋውን ያወቅሁት ሰብሳቢው ሲደውልልኝ ነው» ብላ አጥብቃ ተናገረች። እኔ ደግሞ 46,500 ሲባል «ውይ» ማለቷን የሰማሁ ይመስለኛል። የቅዳሜውን ጽሑፍ አልደለዝኩትም፤ በእሑዱ ቃለ ጉባኤ ውስጥ የእርሷን እርማት አስገባሁ።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው አጀንዳ ገባን። ያልተደወለላቸው ሁለቱ አባላት ተናገሩ፤ አንዱ በጣም ተቆጥቶ ነበር። ውሃ ይቁም አላለም፤ «ስልኬ ክፍት ነበር» ብቻ ነው ያለው። ደጋግሞ አለው። ሰብሳቢውም በመጨረሻ «መደወል ነበረብኝ» አለ፤ ይህንንም መዘገብኩ።

የወሰኑት በዚህ ቃል ነው፦

«ኮሚቴው ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም በስልክ በተደረገው ምክክር ለፓምፕ ሞተር መግዣና መግጠሚያ 46,500 ብር ወጪ እንዲሆን የተደረሰበትን ስምምነት መርምሮ፣ ስምምነቱ የተደረሰው ያለ ምልዓተ ጉባኤ መሆኑን ተረድቶ፣ ውሳኔውን በ6 ድጋፍ፣ በ1 ተቃውሞ እና በ1 ድምፀ ተአቅቦ አጽድቆ የራሱ ውሳኔ አድርጎታል። ለመቆጣጠሪያ ሣጥን የተከፈለው 6,700 ብር በምክክሩ ያልተነሣና ጠቅላላ ወጪውን ከኮሚቴው ሥልጣን በላይ ያደረገ በመሆኑ ለጠቅላላ ጉባኤ እንዲቀርብ ተወስኗል።»

የተቃወመው አባል ምክንያቱ እንዲጻፍለት ጠየቀ፤ ጻፍኩለት፦ ሙሉው 53,200 ብር ነው ለጠቅላላ ጉባኤ መቅረብ የነበረበት የሚል ነው። ስለዚህ እዚህ የተከራከራችሁበት ሐሳብ ከቤት ውስጥም መጥቷል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ ዘጠነኛው አባል ውጭ አገር ሆኖ ቃለ ጉባኤውን በቴሌግራም አንብቦ «እኔም አጽድቄአለሁ፣ ስሜን ጨምሪው» ብሎ ጽፎልኛል። ሁለተኛ፣ ቅዳሜ ምሽት ራሳቸው የወሰኑት አራቱ በማጽደቁ ላይ ድምፅ መስጠታቸው ልክ ነበር ወይ?

አሮጌ መዝገብ

ዘጠነኛውን አትጨምሪው። እሑድ አልነበረምና ድምፁ አይቆጠርም፤ በቅዳሜው ጉድለት ላይ ስንት ቀን የደከምሽበትን ነገር በእሑዱ እንዳትደግሚው። የላከው መልእክት ከፋይሉ ጋር ይያያዝ፤ 6 ለ1 ለ1 እንዳለ ይቆይ።

ስለ አራቱ፣ የገንዘቡ ጥቅም የሚደርሰው ለእነሱ እስካልሆነ ድረስ ድምፅ መስጠታቸው ልክ ነው። ሌሎች አባላትም ሆኑ እነሱ የኮሚቴው አካል ናቸው። ከመካከላቸው የባለሙያው ዘመድ ቢኖር ኖሮ እሱ ይወጣ እል ነበር።

የሕግ ተማሪ

እኔ በሰብሳቢው ላይ እለያለሁ። 6,700ውን በራሱ ያዘዘ ሰው ነው፤ ጠቅላላ ጉባኤው ባያጸድቀው ከኪሱ ሊጠየቅ ይችላል። 46,500ው መጽደቁ የእሱን አቋም ስለሚያጠናክር በእሑዱ ድምፅ ላይ ጥቅም አለው ማለት ይቻላል። ደንቡ ስለ ጥቅም ግጭት ምን ይላል?

የብሎኩ ጸሐፊ

«አባሉ ወይም የቅርብ ዘመዱ በቀጥታ የሚጠቀምበት ጉዳይ» ይላል። «በቀጥታ» የሚለው ሰብሳቢውን ይመለከተዋል ወይስ አይመለከተውም የሚለውን እኔ መወሰን አልችልም። የእሱ ድምፅ ቢቀነስ እንኳ 5 ለ1 ይሆናል።

ሒሳብ ነክ

ጠቅላላ ጉባኤው መቼ ነው? ከቼኩ ጋር ደረሰኙ መኖሩን ደግሞ አረጋግጪ። ባለሙያው ለ46,500 እና ለ6,700 ሁለት ደረሰኝ ሰጥቶ ከሆነ አያይዢያቸው፤ በአንድ ደረሰኝ 53,200 ብሎ ከጻፈ ግን ዝርዝሩን በፊርማው እንዲሰጥሽ ጠይቂው።

የብሎኩ ጸሐፊ

በአንድ ደረሰኝ ነው የጻፈው። ዛሬ ከሥራ በኋላ ልደውልለት ነው። ጠቅላላ ጉባኤው በየካቲት ነው፤ ቀኑ ገና አልተቆረጠም። ጥሪው ወረቀት ላይ ተጽፎ በየበሩ እንዲለጠፍ ወስነናል፤ የሰፈር ሰው ያሉትን ሳልረሳ።